«ደረሰ» እና «ሰነበተ»፦ የዘገየ መልስን በትሕትና የመጠየቂያ ቃላት ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ የተመለሰ ደብዳቤ ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ይህ ጸሐፊ በአንድ የቃላት ሥራ ላይ ተመድቦ ሳለ፣ የእርሻ መሣሪያ ስሞችን የያዘ ዝርዝር አዘጋጅቶ በሙያው ለታወቁ አንድ አረጋዊ መምህር እንዲመለከቱት ላከላቸው። ሳምንት ሞላ፤ መልስ የለም። ጉባኤው የሚሰበሰብበት ቀን እየቀረበ በመሄዱ፣ በዚያን ጊዜ በመሥሪያ ቤታችን እንደ ተለመደው ሁሉ ሦስት መስመር ያላት ደብዳቤ ተጻፈች፤ መጨረሻዋም «መልሱን በአስቸኳይ እንዲልኩልን እናሳስባለን» የሚል ነበር። ሁለት ቀን ሳይሞላ መልስ መጣ። ዝርዝሩ እንደ ተላከ ነው የተመለሰው፤ አንድም ቃል አልተነካም። በደብዳቤያችን ላይ ግን «እናሳስባለን» የሚለው ቃል በቀይ ቀለም ተሰምሮበት፣ በኅዳጉ ላይ «ዕዳ አለብኝን?» የሚል ተጽፎበታል።

በጊዜው ነገሩ የሽማግሌ ቁጣ መስሎን ነበር። ኋላ ግን ቃሉን ከሥሩ ስንመረምረው መምህሩ የጻፉት ቁጣ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛ የቃል ፍች መሆኑን ተረዳን። ከዚያ ወዲህ፣ መልስ የዘገየበት ሰው ሳይቸኩልና ሳይወቅስ ዝምታውን የሚያነሣባቸው የአማርኛ ቃላት ከየት እንደ መጡና በምን ምክንያት እንደ ተለወጡ ስንከታተል ቆይተናል። የሚከተለው ከዚያ የተገኘው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሳምንቱ ራሱ ጥቂት እንበል። «ሳምንት» የሚለው ቃል ከ«ስምንት» ጋር አንድ ሥር ያለው መሆኑ የታወቀ ነው። ከሰኞ ጀምሮ እስከ ሚቀጥለው ሰኞ ሁለቱንም ጨምሮ የሚቈጥር ሰው ስምንት ያገኛልና። «የዛሬ ሳምንት» የምንለውም ይኸንኑ ስምንተኛውን ቀን ነው። የሳምንት ዝምታ ግን በአማርኛ ከቍጥር ይልቅ በሰላምታ ይለካል። አንድን ሰው ማታ ተለይተነው ጧት ብናገኘው «እንዴት አደሩ»፣ ጧት ተለይተነው ማታ ብናገኘው «እንዴት ዋሉ» እንላለን። ቀናት ካለፉ «እንዴት ሰነበቱ» ይባላል። ወራት ካለፉ ደግሞ «እንዴት ከረሙ» ወይም፣ በጋው ካለፈ፣ በብዙ አገር «እንዴት ባጁ» ይባላል። «ከረመ» ከ«ክረምት»፣ «ባጀ» ከ«በጋ» እንደ ወጡ ሁሉ «ሰነበተ» የወጣው ከ«ሰንበት» ነው። ቃሉ ከመነሻው ሰንበትን አሳለፈ፣ ማለትም ያለ መገናኘት ሰንበት በመካከላችን አለፈ እንደ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ቁም ነገር አለበትና። ሰላምታ ሰጪው ጊዜው ስንት እንደ ሆነ በግሡ ምርጫ ይናገራል፤ ስለ ጥፋተኛው ግን ምንም አይልም። «እንዴት ሰነበቱ» የተባለ ሰው፣ ጠያቂው ቀኑን እንደ ቈጠረ ወዲያው ያውቃል፤ ነገር ግን የተጠየቀው ስለ ጤንነቱ እንጂ ስለ መዘግየቱ ስላልሆነ የሚያስተባብለው ነገር አይኖርም። ቀኑን ራሱ ያስታውሳል፤ ምክንያት ካለው ራሱ ያመጣዋል። ከዚህ ጋር «ምነው ጠፉ?» የሚለውን እናነጻጽር። በወዳጆች መካከል ፍቅርን የሚገልጽ ንግግር ነው፤ ከማይቀርቡት ሰው ሲመጣ ግን ጥያቄው ምክንያት አምጡ የሚል ነው። «ጠፉብኝ» ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በአማርኛ ግስ ላይ «‑ብኝ» የሚጨመረው ድርጊቱ ተናጋሪውን የጎዳው ሲሆን ነው፤ «‑ልኝ» ደግሞ የጠቀመው ሲሆን። «መልሱ ዘገየ» ያለ ሰው ስለ መልሱ ይናገራል። «መልሱ ዘገየብን» ያለ ሰው ግን በአንዲት ፊደል ከሳሽ ሆኗል።

በድሮዎቹ ደብዳቤዎች ውስጥ ይህ ሰላምታ የማዕርግ ቦታ ነበረው። የ19ኛው መቶ ዓመት የነገሥታትና የመኳንንት የአማርኛ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ «ይድረስ ከ» ብሎ የተቀባዩን ስምና ማዕርግ ያነሣል፤ እንዴት እንደ ሰነበተ ይጠይቃል፤ ጸሐፊው ራሱ ከነሠራዊቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና መሆኑን ይገልጻል፤ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የዛሬ አንባቢ ይህን መግቢያ ጌጥ አድርጎ ያልፈው ይሆናል። ሥራ ግን ነበረው። መልስ የቀረበት ጸሐፊ በዚህ ቦታ ላይ ነው ያለፈውን ጊዜ ሳይናገር የሚናገረው።

«ይድረስ» የሚለው ቃልም እንዲሁ መታለፍ የለበትም። ደብዳቤው ገና ከመጀመሪያው ቃል በመንገድ ላይ መሆኑን ያምናል፤ ላኪው የሚመኘው መድረሱን ነው። ይህም ለወግ የተባለ አልነበረም። መልእክተኛ በወንዝ ሙላት ለወራት ይታገዳል፤ በሽፍታ ይዘረፋል፤ የሚደርስበት ጌታ ሰፈሩን ነቅሎ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ስለዚህ መልስ የጠፋበት ሰው «መልሱ አልደረሰኝም» ሲል ምስክር የሚሆነው መንገዱ ነው። «መልስ አልሰጡኝም» ቢል ግን ምስክር አያስፈልገውም፤ ሰውየውን ፊት ለፊት ወቅሶታል። በ«ደረሰ» እና በ«ሰጠ» መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ጉዳይ ሁሉ ውስጥ ዋናው ነው፤ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

በደብዳቤ ሳይሆን በአካል ለሚቀርበው ጉዳይ ደግሞ ሁለት ልማዶች ነበሩ። አንደኛው ደጅ ጥናት ነው። ባለጉዳይ አቤቱታውን ካሰማ በኋላ በየጧቱ ከጌታው ደጅ ይቆማል። አይናገርም፤ ይታያል። ጌታው ሲወጣና ሲገባ ያየዋል፤ መታየቱ ማስታወሻ ነው። «ደጅ ጠና» የሚለው አነጋገር ዛሬ በቢሮ ደጃፍ መንከራተትን ብቻ የሚገልጽ፣ ምሬት የተጫነው ቃል ሆኗል። በጥንቱ ሥርዓት ግን ከምሬት ይልቅ ታማኝነትን የማሳያ መንገድም ነበር፤ ሹመት የሚፈልግ መኰንን ሁሉ ደጅ ይጠናል። ችግሩ ዋጋው ከባድ መሆኑ ነው። ስንቅ ይጠይቃል፤ ቤትና እርሻ ጥሎ ወራት መክረምን ይጠይቃል። ስለዚህ ድኻ ብዙ ጊዜ ደጅ መጥናቱን አይችለውም።

ሁለተኛው ልማድ ባልደረባ ነው። ዛሬ «የሥራ ባልደረባ» ስንል በአንድ መሥሪያ ቤት አብሮን የሚሠራውን ሰው ማለታችን ነው። በቤተ መንግሥት ሥርዓት ባልደረባ የሚባለው ግን በጌታውና በባለጉዳዩ መካከል የሚቆም ሰው ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ፣ ግብር ያመጣ ሹም፣ አቤቱታ ያለው ሰው ሁሉ ባልደረባ ይመደብለታል፤ ወደ ጌታው የሚገባው በእርሱ በኩል ነው፤ የጌታውንም ቃል የሚሰማው ከእርሱ ነው። ጉዳዩ የዘገየበት ሰው ለጌታው «ረሱኝን?» ማለት አይገባውም፤ ለባልደረባው «ጊዜ ፈልግልኝ» ይለዋል። ባልደረባው የጌታውን ጠባይና የዕለቱን ሁኔታ ያውቃልና፣ መቼ ቢያነሣው ጉዳዩ እንደሚሰማ፣ መቼ ቢያነሣው እንደሚበላሽ ይመዝናል። እንግዲህ ማስታወሱ የሚፈጸመው በሦስተኛ ሰው አንደበት ነው። ጌታው ቢቈጣ የሚቈጣው በባልደረባው ላይ ነው፤ ባለጉዳዩም ጌታውን ሳያስቀይም ያልፋል። በእርግጥ ባልደረባው ስጦታ ሊጠብቅ ይችላል፤ ካልተሰጠውም ጊዜው ላይገኝለት ይችላል። ሥርዓቱ ለስላሳ ነበር ማለት ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም።

እነዚህ ልማዶች በሌሉበት ቦታ ዝምታ ምን እንደሚያመጣ በአገራችን ታሪክ ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ የዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ (በ1862 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ገደማ) ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ በቆንሲሉ በካሜሮን በኩል ወጥቶ በየካቲት ወር ለንደን ደረሰ። በዚያም የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ተቀብሎ መልስ ሳይጽፍበት አስቀመጠው። ካሜሮን በ1855 ዓ.ም. ክረምት ወደ ንጉሡ ሲመለስ መልስ አልያዘም። በ1856 ዓ.ም. እርሱና ሌሎች አውሮፓውያን ታሰሩ። ለእስሩ ምክንያት የሆነው የመልሱ መቅረት ብቻ አይደለም፤ ካሜሮን ወደ ቱርክ ግዛት መሄዱም ንጉሡን አስቈጥቶ ነበር። ሆኖም ያልተመለሰው ደብዳቤ በነገሩ ሁሉ መካከል ነበረ።

ይህ ታሪክ ብዙ ተጽፎበታል፤ በዚህ ቦታ የምናነሣው አንዱን ገጽታውን ብቻ ነው። የንጉሡ ደብዳቤ ለንደን ሲደርስ የገባው ወደ መዝገብ ቤት እንጂ ወደ ባልደረባ እጅ አልነበረም። መዝገብ ቤት ደብዳቤ ይቀበላል፤ ቍጥር ይሰጣል፤ ያስቀምጣል። ጊዜ ፈልጎ ለጌታው የሚያነሣ ሰው ግን በውስጡ የለም። ቴዎድሮስም በበኩላቸው ሁለተኛ ደብዳቤ ጽፈው «የመጀመሪያው ደርሶ እንደሆነ» ብለው የሚጠይቁበት ልማድ አልነበራቸውም፤ በእርሳቸው አደባባይ ያንን የሚያደርገው የላኪው ባልደረባ ነውና። ካሜሮንን የተመለከቱት እንደ ባልደረባቸው ነው ብንል ከእውነቱ የምንርቅ አይመስለንም። ባዶ እጁን መመለሱ የባልደረባነቱን ሥራ እንዳልሠራ ተቈጠረበት።

ታሪኩ ግልባጭም አለው። መልሱ በመጨረሻ በግንቦት ወር 1856 ዓ.ም. (1864 እ.ኤ.አ.) ተጽፎ፣ በዔደን የእንግሊዝ ወኪል ረዳት በነበረው በሆርሙዝድ ራሳም እጅ ተላከ። ራሳም በሐምሌ ወር ምጽዋ ደርሶ፣ የንግሥቲቱን ደብዳቤ ይዞ መምጣቱን ገልጾ ወደ ንጉሡ ጻፈ። አሁን ደግሞ መልስ የጠፋው ከዚህ በኩል ነው። ራሳም ጠበቀ፤ ሁለተኛ ደብዳቤ ላከ፤ ጠበቀ፤ ሦስተኛ ላከ። ከአንድ ዓመት በላይ በምጽዋ ሙቀት ከቆየ በኋላ በነሐሴ 1857 ዓ.ም. መልስ መጣለት፤ ማኅተም ያልነበረበት፣ ለሰላምታም ያልተጨነቀ፣ በመተማ በኩል እንዲመጣ የሚያዝ ደብዳቤ ነበር። በጥር ወር 1858 ዓ.ም. ዳሞት ላይ ከንጉሡ ጋር ሲገናኝ ግን በክብር ነው የተቀበሉት፤ ወደ ሰፈራቸው ከገባ በኋላም ባልደረባ ተመደበለት። ኋላ እርሱም መታሰሩና ነገሩ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ መፈጸሙ የታወቀ ነው።

ራሳም በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ያደረገውን እንደ ደብዳቤ አጻጻፍ ጉዳይ ብንመለከተው አንድ ነገር ይታያል። ሦስት ጊዜ ሲጽፍ በእጁ የነበረው የሚሰጠው ነገር እንጂ የሚጠይቀው ዕዳ አይደለም፤ የንግሥቲቱ ደብዳቤ ከእርሱ ጋር ነው። ስለዚህ ዝምታውን በተደጋጋሚ ማንሣቱ ወቀሳ አልሆነም። ያለ ባልደረባ፣ ያለ ደጅ ጥናት፣ በወረቀት ብቻ በሩን ማንኳኳት ይቻል እንደ ነበር ያሳያል፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅም እንዲሁ።

ወደ መሥሪያ ቤት እንመለስ። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ከሾሙ ወዲህ፣ በተለይም ከጠላት ወረራ በኋላ መሥሪያ ቤቶች ሲስፋፉ፣ ጉዳይ የሚነገረው በባልደረባ አንደበት ሳይሆን ቍጥርና ቀን ባለው ደብዳቤ ሆነ። ለንደን ውስጥ የነበረው መዝገብ ቤት አሁን በእኛም አገር አለ፤ ገቢ ደብዳቤ በአንድ መዝገብ፣ ወጪ ደብዳቤ በሌላው ይጻፋል። ባልደረባው ሲቀር ሥራው ለቃላት ተረፈ። መልስ የዘገየበት ጸሐፊ በሦስተኛ ሰው ያስነግረው የነበረውን ነገር በራሱ ብዕር መናገር ስላለበት፣ ሦስት ቃላት ተደራጁለት፦ ማስታወስ፣ ማሳሰብ፣ ማስጠንቀቅ። ደረጃቸው እንደ ቍልቍለት ነው፤ አንዴ ከወረዱ መመለስ ያስቸግራል።

«አስታወሰ» ከሦስቱ የለዘበው ነው፤ ምክንያቱም ቃሉ ሁለት ወገን አለው። «አስታወሰኝ» ስንል አልረሳኝም ማለትም፣ የረሳሁትን ነገር አነሣልኝ ማለትም ሊሆን ይችላል። የሚያስበውና የሚያሳስበው በአንድ ግስ ስለሚነገሩ፣ «ለማስታወስ ያህል» የሚል ጸሐፊ ማን እንደ ረሳ አልተናገረም። ራሱም ሊሆን ይችላል።

«አሳሰበ» ግን እንዲህ አይደለም። የግእዙ «ሐሰበ» ቈጠረ፣ ተመነ ማለት ነው፤ «ሒሳብ» ከዚሁ ሥር ነው። በአማርኛ «አሰበ» ወደ ኅሊና ሥራ አዘነበለ፤ ይሁን እንጂ «አሳሰበ» ሲሆን የሒሳቡ ሽታ አልለቀቀውም። «ነገሩ አሳስቦኛል» ያለ ሰው ጭንቀቱን ነው የተናገረው። ተጽፎ የተላከ «እናሳስባለን» እንግዲህ ወይ ቍጠር ይላል፣ ወይ ተጨነቅ ይላል። ያ መምህር «ዕዳ አለብኝን?» ብለው ሲጽፉ ከቃሉ ሥር ውስጥ የተቀበረውን ነው ያወጡት። በበር ላይ የሚለጠፍ «ማሳሰቢያ» ለሁሉ የተነገረ ስለሆነ ማንንም አይነካም፤ ለአንድ ሰው በስሙ ሲላክ ግን ይወጋል። ስለ «ማስጠንቀቂያ» ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ እዚያ የደረሰ ጸሐፊ ከእንግዲህ ትሕትናን አልፈለገም።

ከሦስቱም ቃላት ይልቅ የሚያስከፋ አንድ ነገር ደግሞ ከደብዳቤው ግርጌ ይገኛል፤ ግልባጭ ነው። «ገለበጠ» ከሚለው ግስ የወጣው ይህ ቃል መጀመሪያ የሚያመለክተው የደብዳቤውን ቅጅ ብቻ ነው። በመጀመሪያው የማስታወሻ ደብዳቤ ግርጌ ግልባጩ ለተቀባዩ አለቃ መድረሱ ከተጻፈ ግን ከላይ ያለው ለስላሳ ቃል ሁሉ ከንቱ ነው። አንባቢው መጀመሪያ የሚያየው ግርጌውን ነው። ባልደረባ ከጌታው ጋር ያስታርቃል፤ ግልባጭ ከጌታው ጋር ያጣላል።

አሁን አንድ ደብዳቤ እንሥራ። አንድ የቃላት ኮሚቴ ጥር 9 ቀን ሰኞ በቁጥር 118 የ42 ቃላት ዝርዝር ለአንድ ሐኪም ልኳል እንበል። ጉባኤው የሚሰበሰበው ጥር 25 ቀን ነው። ጥር 16 ቀን መልስ የለም። የተለመደው ረቂቅ እንዲህ ይሆናል፦

«በጥር 9 ቀን በቁጥር 118 በተጻፈ ደብዳቤ የ42 ቃላትን ፍች እንዲመለከቱልን ጠይቀንዎት እስካሁን ድረስ መልስ ስላልሰጡን ሥራው ተጓትቶብናል። በአስቸኳይ እንዲልኩልን እናሳስባለን።»

በዚህ ውስጥ ውሸት የለም። ነገር ግን «ስላልሰጡን» ተቀባዩን የድርጊቱ ባለቤት ያደርገዋል፤ «ስለ» ደግሞ ለመዘግየቱ ምክንያት አድርጎ ያስቀምጠዋል። «እስካሁን ድረስ» የጊዜው ገደብ እንዳለፈ ይናገራል፤ ገደብ ግን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አልተጻፈም ነበር። «ተጓትቶብናል» የ«ብ»ን ክስ ይዟል። የ«እናሳስባለን»ን ነገር ተናግረናል።

ከመጻፍ በፊት አንድ ሥራ አለ። ደብዳቤ ሰኞ ወጥቶ በማግሥቱ ቢደርስ፣ በመዝገብ ቤት አንድ ቀን ቢውል፣ ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፈው ሐሙስ ነው፤ ሰንበትን ስናወጣ ሐኪሙ በእጁ የያዘው ለሁለት የሥራ ቀን ብቻ ነው። የእኛ ሳምንትና የእርሱ ሳምንት አንድ አይደሉም። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚጠየቀው መዝገብ ቤቱ ነው፤ ደብዳቤው መግባቱን፣ ገቢ ቍጥሩን፣ ለማን እንደ ተመራ። ይህ የባልደረባው ሥራ ቅሪት ነው፤ ጥያቄው ጌታውን ሳይነካ ይመለሳል። ብዙ ጊዜም ችግሩ እዚያው ይገኛል፤ ደብዳቤው ለሌላ ክፍል ተመርቶ ይሆናል።

ደብዳቤው በትክክል እንደ ገባ ከታወቀ የሚከተለው ይጻፋል፦

«እንዴት ሰነበቱ። ጥር 9 ቀን በቁጥር 118 የላክነው የ42 ቃላት ዝርዝር እጅዎ እንደ ገባ ተረድተናል። የሥራዎን ብዛት ስለምናውቅ መልሱ ገና ባይደርሰንም አላስገረመንም። ጉባኤው ጥር 25 ቀን ስለሚሰበሰብ፣ እስከዚያ ድረስ የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ቃላት ብቻ እንኳ ቢመለከቱልን ስብሰባው በእነርሱ ላይ ሊጀምር ይችላል። ጊዜው የማይመችዎ ከሆነ ይህንኑ ቢያስታውቁን የተቀሩትን ለሚቀጥለው ጉባኤ እናቆያለን።»

እዚህ ላይ «ሰነበቱ» ቀኑን ቈጥሯል። «ገና» የሚለው ቃል ከ«እስካሁን ድረስ» ጋር የአንድ ጊዜ ስም ሲሆን የሚያየው ወደ ፊት ነው፤ ይመጣል ብሎ ያምናል። «ባይደርሰንም» ምክንያት ሳይሆን ሁኔታ ነው። «ቢመለከቱልን» ውስጥ ያለው «ል» ሐኪሙ የሚሠራው ለእኛ ጥቅም መሆኑን ያምናል። ጥር 25 ቀን የተጠቀሰው በራሱ በጉባኤው ምክንያት ነው እንጂ በእኛ ችኮላ አይደለም። ዐሥሩ ቃላት ደግሞ ከአርባ ሁለቱ ይቀላሉ፤ ዝም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ዝም የሚለው ንቆ ሳይሆን ሥራው በዝቶበት ነው። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ከሁሉ ይበልጥ አስፈላጊ ይመስለናል፤ አይሆንም ለማለት የሚያስችል በር ይከፍታል። ለብዙ ሰው ዝም ማለት የሚቀለው እምቢ ማለት ስለሚከብደው ነው።

«ምናልባት በመንገድ ቀርቶ እንደሆነ» የሚለውን የጥንት ትሕትና በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አለመጨመራችንን አንባቢ ልብ ይሏል። መዝገብ ቤቱ ገብቷል ካለ በኋላ ይህን መጻፍ ውሸት ነው፤ ሐኪሙም ፈርሞ መቀበሉን ስለሚያውቅ ትሕትናው ሽሙጥ ይሆንበታል። መዝገብ ቤቱ አላገኘሁትም ካለ ግን ቃሉ በቦታው ነው፤ ያን ጊዜ የዝርዝሩ ሌላ ቅጅ ተያይዞ መላክ አለበት።

ዛሬ ደግሞ መልእክት በስልክና በኢሜይል በሚላክበት ዘመን የመንገዱ ምስክርነት ጨርሶ የቀረ ይመስላል። መልእክቱ በቅጽበት ይደርሳል፤ በአንዳንዶቹም መነበቡን የሚያሳይ ምልክት ይታያል። እንግዲህ «አልደረሰኝም» የሚለው አባባል ተሽሯል ማለት ነውን? የቃሉን ፍች ሙሉ ለሙሉ ያየን እንደ ሆነ አይደለም። «ደረሰ» በአማርኛ ከመንገድ ገባ ማለት ብቻ አይደለም። እህል ይደርሳል፤ ጠላ ይደርሳል፤ ልጅ ለአቅመ አዳም ይደርሳል። «መልሱ ገና አልደረሰም» ሲባል መንገዱን ካወጣንለትም ሌላው ፍች ይቀርለታል፤ መልሱ ገና አልበሰለም። ለሚያስብ ሰው ጊዜ መስጠት ነው፤ የሚያፍርበትም ነገር የለም። መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሁለቱን ፍቾች በየቁጥራቸው ለይተው ማስቀመጣቸው ተገቢ ነው፤ በደብዳቤ ውስጥ ግን ጥቅማቸው ባለመለየታቸው ነው።

ከዚህ በመነሣት ለቢሮ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ለመልስ መዘግየት የሚጻፈው የመጀመሪያ ደብዳቤ በጉዳዩ መስመር ላይ «ማሳሰቢያ» ከሚባል ይልቅ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ርእስ እንዳለ ይደግም፤ «የእርሻ መሣሪያ ስሞችን ዝርዝር ይመለከታል» ይበል። ተቀባዩ ጉዳዩን እንጂ ስሙን በክስ መስመር ላይ አያይም። «ክትትል» የሚለውን ቃል በዚህ ቦታ የሚጠቀሙ አሉ፤ ሰውን ከኋላ መከታተል የሚለው ፍቹ ገና ስላልደበዘዘ ለውስጥ ሥራ እንጂ ለተቀባይ የሚስማማ አይደለም።

የመምህሩን ነገር ሳንጨርሰው ቀረን። የተመለሰውን ዝርዝር ይዘን በሦስተኛው ቀን ከቤታቸው ሄድን፤ ስለ ደብዳቤው አልተነሣም። «እንዴት ሰነበቱ» አልን፤ ቡና ፈላ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዝርዝሩ በእጃቸው ጽሕፈት ተሞልቶ መጣ። ሦስት ቃላት ብቻ ባዶ ነበሩ፤ በአጠገባቸውም «ገና አልደረሱም» ይላል።